የሴቶች እግር ኳስ ክበብ፦ የ2017 ዓ.ም. የሥራ ዘገባ

በመስከረም መጨረሻ የክበቡን ማስታወቂያ ስንለጥፍ አርባ ሁለት ሴት ተማሪዎች ተመዘገቡ። ስለዚህ «ሴቶች ኳስ አይፈልጉም» የሚለው ወሬ ገና ሳንጀምር ቀረ። ለነገሩ ሀዋሳ ውስጥ እንዲህ ማለት ራሱ ይከብዳል። ከተማችን በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ቡድን አላት፤ ሎዛ አበራም ከዱራሜ መጥታ በሀዋሳ ከተማ ከተጫወተች በኋላ ነው እስከ ስዊድንና ማልታ የደረሰችው። በኅዳር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ለመጫወት ሞሮኮ ሲሄድ ልጆቹ የእረፍት ሰዓታቸውን በሙሉ የሚያወሩት ስለዚያ ነበር። እንዲህ ያለ መድረክ ለአፍሪካ ሴቶች ክለቦች የተከፈተው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ስለሆነ፣ ታላላቅ እህቶቻቸው በእነሱ ዕድሜ የሚያወሩት እንዲህ ያለ ነገር አልነበራቸውም።

ያም ሆኖ በዚያው በኅዳር ልምምድ ላይ የሚገኙት ከአሥራ አምስት አይበልጡም ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርነው የታኬታ እጥረትን ነው። የክበቡ ጸሐፊ የሆነችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ስም መጥሪያው ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ጨመረችና የቀረችውን ልጅ ሁሉ በማግስቱ እየጠየቀች ምክንያቱን መጻፍ ጀመረች። በታኅሣሥ ዓምዱን ስናነበው «ታኬታ የለኝም» የሚል እምብዛም አልነበረበትም። የተጻፈው «ውኃ ተራዬ ነበር»፣ «እማዬ ጉሊት ነበረች፣ ሕፃኑን ያዝኩ»፣ «ይመሻል ተባልኩ» የሚል ነው። «ኳሱን ጠላሁት» ያለች አንዲትም የለችም። የሴት ልጆች ቡድን ማቋቋም ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ዓምድ ነው፤ ከኳስም ከማሊያም ይቀድማል።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነበር። ትምህርት የሚያልቀው 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን የወንዶቹ ቡድን ግን ሜዳውን እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይይዘዋል፤ የእኛ ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ልምምዱ 12 ሰዓት ሲሆን ያልቃል፣ ልብስ እስኪቀየር ይጨልማል። ከአቶቴ ወይም ከታቦር በኩል የምትመጣ ልጅ ቤቷ የምትደርሰው ራት መሠራት ካለበት ሰዓት በኋላ ነው። በመካከል ያለችውን አንድ ሰዓት ደግሞ ሥራ ፈታ ነው የምታሳልፋት። ወንዶቹም እኮ ማታ ይገባሉ፤ ግን ወንድ ልጅ አምሽቶ ሲገባ «የት ነበርክ» የሚለው የለም።

ስለዚህ ተራው ይገልበጥ አልን። ማክሰኞና ዓርብ ሴቶቹ ከክፍል በቀጥታ ከ9፡40 እስከ 10፡50 ይለማመዳሉ፤ ወንዶቹ ከእነሱ በኋላ ይገባሉ። በቃል የተስማማነው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ስለፈረሰ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፈርመውበት የመሣሪያ ክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ። ቅዳሜንም አስበን ነበር፣ ልጆቹ ራሳቸው ተቃወሙት። ቅዳሜ የልብስ አጠባ ቀን ነው።

ሰዓቱ ሲስተካከል ብዙዎቹ ተመለሱ። ያልተመለሱትን ቤታቸው ድረስ ሄደን አነጋገርን። አብራኝ የምትሠራው የባዮሎጂ መምህርት አብራኝ ትሄድ ነበር፤ እሷ ባትኖር ብዙው በር አይከፈትልኝም። የአንዷን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጉዳይ በዝርዝር ላንሳ። በእግሯ ፍጥነት ከቡድኑ የሚደርስባት የለም። እናቷ ጉሊት አትክልት ይሸጣሉ፣ እስከ 11 ሰዓት አይገቡም፤ ልጅቱ የአራት ዓመት ወንድሟን ትጠብቃለች። ቡና ቀርቦልን ገና አንደኛውን ሳንጨርስ እናት ሦስት ነገር ጠየቁን። «ማን ነው የሚያደርሳት? ምን ለብሳ ነው የምትሮጠው? ከእናንተ ሌላ ሴት አለች ወይ?» አባት ዝም ብለው ቆይተው፣ «መምህር፣ ሴት ልጅ ኳስ ስትመታ ማሕፀኗ አይጎዳም?» አሉ።

የአባትን ጥያቄ የመለሰችው መምህርቷ ናት። ማሕፀን በዳሌ አጥንት ውስጥ ተከልሎ እንደሚገኝ፣ መሮጥና ኳስ መምታት እንደማይጎዳው፣ ውኃና እንጨት ተሸክሞ ዳገት መውጣት ከዚህ የከበደ ሥራ እንደሆነ ነገረቻቸው። በመጨረሻው ላይ እናት ሳቁ። ልብሱን በተመለከተ ረጅም ቁምጣ ከታይት ጋር መልበስ እንደሚቻል፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ አድርጎ መጫወትንም የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል እ.ኤ.አ. በ2014 እንደፈቀደ አስረዳን። የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ግን የክበቡ ደንብ ሆኑ። ሴት መምህርት በሌለችበት ልምምድ የለም፤ ወንድ አሠልጣኝ ከአንዲት ተጫዋች ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ አይሆንም፣ በባጃጅም አያደርስም። ልጆቹ በየሰፈራቸው ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ የመጨረሻዋ ቤቷ ስትገባ ለመምህርቷ ይደወላል። ትንሹ ወንድምስ? እሱም ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። አሁን ኳስ አቀባያችን እሱ ነው፤ መቀበሉን እንጂ መመለሱን ገና አልለመደም።

መልበሻ ክፍል የለንም። አንድ የመማሪያ ክፍል መጋረጃ ተሰፍቶለት ቁልፉ በቡድኑ አምበል እጅ ሆነ፤ መሳቢያው ውስጥ ሁልጊዜ ሞዴስ እንዲኖር ከክበቡ ገንዘብ መደብን። ይህ ከተደረገ ወዲህ «ሆዴን አሞኝ» የሚለው ምክንያት ከዓምዱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ስለ ልምምዱ ብዙ አልልም። አብዛኞቹ ኳስ ነክተው የማያውቁ ስለነበሩ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ አላጫወትናቸውም። እንደዚያ ሲሆን ሦስት አራቱ ይጫወታሉ፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ሜዳውን በድንጋይ እየከፋፈልን አራት ለአራት፣ ያለ በረኛ፣ በትንንሽ ግብ አጫወትናቸው። አንድ ነገር ግን አንዘልም፤ ማሟሟቂያውን። የሴት ተጫዋች የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ከወንድ ተጫዋች ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ለመበጠስ የተጋለጠ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚበጠሰው ማንም ሳይነካት፣ ዘልላ ስታርፍ ወይም በድንገት ስትዞር ነው። ፊፋ 11 ፕላስ የተባለው ማሟሟቂያ ለዚህ የተዘጋጀ ሲሆን ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ መሣሪያም አይጠይቅም። አሠልጣኝ ማየት ያለበት ጉልበትን ነው። ዘልላ ስታርፍ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ የሚጋጠሙ ከሆነ ቆማ በቀስታ ትድገመው፤ ጉልበቷ ከእግሯ ጣቶች ጋር በአንድ መስመር እስኪውል ድረስ ፍጥነት አይጨመርባትም። ሰባ ደቂቃ ላይ ሃያው ለዚህ መሄዱ ልጆቹን ያናድዳቸዋል። ይናደዱ።

በግንቦት ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ሰባት ለሰባት ተጋጥመን 3 ለ 1 ተሸነፍን። የእኛን ግብ ያገባችው ያቺው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ጉሊታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው መጥተው ነበር፤ ዳኛውን ከሁሉ በላይ የተቆጡትም እሳቸው ናቸው።

በሰኔ ስም መጥሪያው ላይ ሃያ ሰባት ልጆች አሉ። ያልፈታነው የፈረቃውን ጉዳይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሰባተኛ ክፍል ወደ ከሰዓት ፈረቃ ከተዛወረ የ9፡40ው ሰዓት ለእነሱ አይሠራም፣ ጠዋት ደግሞ መምህርቷ ክፍል ውስጥ ናት። ጠዋት ሜዳ ላይ መገኘት የምትችል ሴት መምህርት ወይም የተማሪ እናት ካለች ከነሐሴ ምዝገባ በፊት ለስፖርት ክፍሉ ትንገረን። ኳስ መጫወት መቻል ግዴታ አይደለም፤ ስም መጥራትና ቁልፍ መያዝ ይበቃል።