ለእሑድ የሚነበበው አጭር ልቦለድ

ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በተለመደው ቡና ቤት የምንወያየው ከመካከላችን አንዷ በጻፈችው አጭር ልቦለድ ላይ ነው። አሠሪዋን ትታ የራሷን ፀጉር ቤት የከፈተች ወጣት የመጀመሪያ ወሯን እንዴት እንዳሳለፈች ይተርካል።

ልጅቷ የ3 ወር ኪራይ ቀድማ ከፍላ በቀረው ብር አንድ ካስክ ብቻ ገዝታለች። ይከተሉኛል ያለቻቸው ደንበኞች ግን አልመጡም፤ አሠሪዋ ጋ በዱቤ ይሠሩ ስለነበር ዕዳቸውን ሳይጨርሱ መውጣት ያፍራሉ። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሚዜ በቢጎዲን ተጠቅልላ ካስኩ ስር እንደተቀመጠች መብራት ጠፋ። ፀጉሩ ሳይደርቅ ከተፈታ ጥቅሉ አይዝም። ስለዚህ ሚዜዋን ከነቢጎዲኗ ነጠላ አልብሳ፣ ካስኩን ተሸክማ፣ ጀነሬተር ወዳለው ልብስ ሰፊ መንገድ አሻገረቻት። ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አሠሪዋ ግን ከልክ በላይ ክፉ ሆናብኛለች፤ ሙያውን ያስተማረቻት እሷው አይደለች እንዴ? የመጨረሻው የእርቅ ትዕይንት ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን እሑድ እንወስናለን።

ጽሑፉ 6 ገጽ ነው፤ አሳትማችሁ፣ አስተያየታችሁን ዳር ላይ ጽፋችሁ አምጡ። የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ አሳውቁኝ።