ስለ መጥረቢያው፦ ከቅዳሜው ሙከራ በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ የሞከሩልን ልጆች ጨዋታውን የተዉት የብረት መጥረቢያ ካገኙ በኋላ ነው። ግራ ገባኝና ቁጥሮቹን አየሁ።

በድንጋይ መጥረቢያ አንድ ዛፍ በ8 ምት ይወድቃል፣ 3 እንጨት ይሰጣል። ጎጆው 60 እንጨት ይፈልጋል። ስለዚህ 20 ዛፍ፣ 160 ምት። የብረቱ መጥረቢያ ዛፉን በ4 ምት ይጥላል። ግን ቀጣዩን ቤት 120 እንጨት አድርገነዋል። 40 ዛፍ በ4 ምት ስንት ነው? ያው 160! ተጫዋቹ ለፍቶ ያገኘውን ጥቅም በሌላ እጃችን ወሰድንበት። መንገዱ ሲጨመር እንዲያውም ባሰበት።

ስለዚህ ሁለተኛው ቤት 60 እንጨት ላይ ይቆይ፤ ምቱ ወደ 80 ይወርዳል። ክብደቱን ወደ ብረቱ እናዙረው፤ 10 ብረት ብቻ፣ ግን ከረግረጉ የሚመጣ። ቫልሄይም የተባለው ጨዋታ ላይ ማዕድን በመደበኛው ሕግ በተራው የእንጨት ፖርታል አያልፍም። ስለዚህ መርከብ ታዘጋጃለህ፣ ንፋሱን ታያለህ፣ መንገድ ትመርጣለህ። ለእኛ ጋሪ ይበቃል።

አንድ ስጋት አለኝ። ያው መንገድ አራት ጊዜ ከተደገመ ጋሪውም ያሰለቻል። ስለዚህ ጋሪው 10ሩንም ብረት በአንድ ጉዞ ይያዝ።

በሚቀጥለው ሙከራ ተጫዋቹ ስንት ደቂቃ ምንም ሳይወስን ዛፍ እንደሚመታ እንመዝግብ። ስልኩን ማየት የጀመረበትን ሰዓትም ጻፉልኝ።