10 ፓሌት ወይስ 240 ካርቶን? ለንግድ መምሪያ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ የንግድ መምሪያ ኃላፊ
ጎንደር

ክቡርነትዎ፣

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠራ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። ባለፈው ዓመት 120 የስፌት መኪና በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል አስመጣን። ዕቃው በሰላም ደረሰ፤ ያስጨነቀን ወረቀቱ ነው። የመርከብ ድርጅቱ የሰጠው የጭነት ሰነድ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ «10 ጥቅል፣ 7,930 ኪሎ» ይላል፤ ሻጩ የጻፈው የዕቃ ዝርዝር፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ ደግሞ «240 ካርቶን፣ 7,680 ኪሎ»። ሰነዱን ያየው ክፍል «አይመሳሰልም» ብሎ መለሰልን፤ የቱ ከየቱ እንደማይመሳሰል ግን አልጻፈልንም። መልስ እስክናገኝ የኮንቴይነሩ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥር ነበር። አባሎቻችን ደግሞ ያን ገንዘብ ያጠራቀሙት ከሸማ ስፌት ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ አመሸሁ። ለካስ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመርከብ ድርጅቱ የሚቆጥረው በክሬን ወይም በፎርክሊፍት የሚነሳውን ጥቅል፣ ማለትም ፓሌቱን ነው፤ ሻጩ የቆጠረው በፓሌቱ ላይ የተደረደረውን ካርቶን ነው። በእያንዳንዱ ፓሌት ላይ 24 ካርቶን ስለተጫነ አሥሩ 240 ይሆናሉ። የክብደቱ ልዩነት 250 ኪሎ ነው፤ ለ10 ሲካፈል 25 ኪሎ ይደርሳል፣ የአንድ እንጨት ፓሌት ክብደት ማለት ነው። ልዩነቱ እንዲህ ለፓሌቱ ቁጥር እኩል ካልተካፈለ ወይም ለአንድ ፓሌት 80 ኪሎ ከወጣ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ያኔ ሻጩን መጠየቅ ግድ ነው።

ሒሳቡ ቢገጥምም ውስጡ ያለው ዕቃ የተባለው ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ኮንቴይነሩን ሻጩ ራሱ ጭኖ ካሸገው ቢል ኦፍ ሎዲንጉ የሚጽፈው ላኪው ያለውን ነው፤ መርከበኛው ካርቶን አልከፈተም። ስለዚህ የኮንቴይነሩና የማሸጊያው ቁጥር በሁለቱም ወረቀትና በደረሰው ኮንቴይነር በራሱ ላይ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ መመሳሰል አለበት። ማሸጊያው እንዳልተቀየረ የምናውቀው በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በጊዜው ብናውቀው ኖሮ አንድ መስመር ብቻ ያድነን ነበር፦ በፓኪንግ ሊስቱ ግርጌ «240 ካርቶን በ10 ፓሌት፤ የፓሌቱ ክብደት 250 ኪሎ፤ ጠቅላላ 7,930 ኪሎ»። ይህን ለማስጻፍ የሚመቸው ቢሉ ገና ረቂቅ ሳለ ነው። ኦሪጅናሉ ከወጣ በኋላ ቢሉን ማስተካከል የወጡትን ኦሪጅናሎች ሁሉ መመለስ ይጠይቃል፤ ሰነዱ በባንክ በኩል የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ይረዝማል።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። ማኅበራት ረቂቁን ቢልና ፓኪንግ ሊስቱን ይዘው ሲመጡ ሁለቱን አብሮ የሚያነብ አንድ ባለሙያ በመምሪያዎ ይመደብ። ልዩነት ካገኘም የትኛው መስመር እንደሆነ በአማርኛ ጽፎ ይስጥ። የእኛን ሰነድ ቅጂ ለማሳያ እንዲሆን አምጥቼ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ፣ ጎንደር