ያላስማሙንን የልኬት መጠኖች በተመለከተ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ባለፈው ወር ከላክነው የክፍያ ጥያቄ በኋላ ስልካችን ሲጮኽ ሰነበተ። «ውል ከተፈራረምን በኋላ ዋጋ ጨመራችሁ» ያላችሁን አላችሁ። ልኬቱ ሳይፈረም ኮንክሪት አንሞላም በማለታችን ሠራተኛ ቆሞ መዋሉ ያስቆጣችሁም አላችሁ። የሥራው መጠን ተለክቶና ተባዝቶ የሚጻፍበትን የቴክ ኦፍ ወረቀት ሳናስጠነቅቅ በጅምላ መላካችን ስህተት ነበር፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከዚያ ውጭ ያለውን ግን ሳናብራራ ማለፍ አልፈለግንም። ስማቸውን ሳንጠቅስ እንድንጠቀምበት በፈቀዱልን በአንድ ደንበኛችን የጂ+1 ቤት እናሳያችሁ፤ የአብዛኞቻችሁም ጥያቄ እዚያው ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ፣ የነጠላ ዋጋችን አልተለወጠም። ሲሚንቶውም፣ ናፍጣውም፣ የቀን ሠራተኛውም ውል ስንፈራረም በነበረበት ዋጋ እንዳልቆመ ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም በውሉ ዋጋ ሠርተናል። የተለወጠው መጠኑ ነው። ውላችን የሚከፈለው ተለክቶ ስለሆነ በቢኦኪው፣ ማለትም የሥራው መጠንና ዋጋ በተዘረዘረበት የውሉ ሠንጠረዥ ላይ ያለው መጠን ከፕላን ላይ የተገመተ ነው፤ የሚከፈለው ግን መሬት ላይ የተገኘው ነው። አንሶ ከተገኘም የሚከፈለው ያነሰው ነው።

በዚህ ቤት ፕላኑ ላይ የኮለኖቹ መሠረት የሆነው ፉቲንግ የሚያርፍባቸው 14 ጉድጓዶች አሉ። እያንዳንዱ ለሠራተኛ መቆሚያ የተፈቀደውን 25 ሳንቲ በየጎኑ ጨምሮ 2.10 በ2.10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.50 ሜትር ነው። ሲባዛ 92.61 ሜትር ኩብ ይመጣል። ሲቆፈር ግን በምሥራቅ በኩል ያሉት 9 ጉድጓዶች 1.50 ላይ ደርሰው ገና ጥቁር ዋልካ አፈር ውስጥ ነበሩ። ይህ አፈር ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ፉቲንግ እሱ ላይ ከተቀመጠ ቤቱ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል፤ ምልክቱም ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ እንድንወርድ አዘዘ፤ በ2.20 ሜትር ተገኘ። የተጨመረው 9 ጉድጓድ በ4.41 ካሬ በ0.70 ሜትር፣ ማለትም 27.78 ሜትር ኩብ ነው። ጠቅላላው 120.39 ሆነ።

ደንበኛችን «ይህ ተራ ቁጥር ውሉ ላይ የለም» አሉ። አለ። ከ1.50 ሜትር በታች ያለው ቁፋሮ በቢኦኪው ላይ ለብቻው ተጽፏል። ነጠላ ዋጋ አለው፤ የመጠንና የድምር ዓምዱ ግን ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን ተራ ማንም ዘሎት ያልፋል። ባዶ የተተወው ሥራው አይኖርም ለማለት ሳይሆን፣ ካለ በምን ዋጋ እንደሚከፈል አስቀድሞ ለመወሰን ነው። የራሳችሁን ውል አውጡና እንዲህ ያሉትን ባዶ ተራዎች አሁኑኑ እዩዋቸው፤ ኋላ ከመከራከር ይሻላል።

ሁለተኛው ክርክር ስለ አፈር ማንሳት ነው። ደንበኛችን ዘበኛቸውን የመኪናውን ጉዞ አስቆጥረው ነበር፤ 10 ሆነ። መኪናው 16 ሜትር ኩብ ይይዛል። «120 ለ16 ሲካፈል 7 ተኩል ነው፤ የቀሩት ጉዞዎች የት ሄዱ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አፈር መሬት ውስጥ ሳለ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሲቆፈር ይነፋል። የዚህ ዓይነቱ አፈር 30 በመቶ ገደማ ይነፋል ብለን ብንይዝ 120.39 የነበረው መኪና ላይ 156 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ይሆናል፤ ያ ደግሞ 10 ጉዞ ነው። እኛ ለሹፌሩ የከፈልነው በጉዞ ነው፤ ደንበኛችንን የጠየቅነው ግን በጉድጓዱ ልክ፣ 120.39 ብቻ ነው። የእብጠቱ ወጪ በነጠላ ዋጋችን ውስጥ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አልተጠየቀም። እንዲያውም ጉድጓዶቹ 1.50 ላይ ቢቆሙ ኖሮ በዚሁ ስሌት 8 ጉዞ ይበቃ ነበር። ሆኖም ጉዞ ቆጠራን እንደ ማስረጃ አናቀርብም፤ ሹፌር አጉድሎ ሊጭን ይችላል፣ እብጠቱም እንደ እርጥበቱ ይለያያል።

ለሙሌት የመጣው ሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም የተመረጠ የሙሌት አፈር፣ በተቃራኒው ነው። 16 ሜትር ኩብ ተብሎ የገባው ሲጠቀጠቅ ይወርዳል፤ እኛም የምንለካው ከተጠቀጠቀ በኋላ ነው። ደረሰኙን ይዞ ከልኬታችን ጋር የሚያስተያይ ሰው እኛ አሳንሰን እንደጠየቅን ያገኛል። ይህን በተመለከተ እስካሁን ማንም አልደወለልንም።

አሁን ወደ ደካማው ጎናችን። ከ9ኙ ጉድጓዶች የ7ቱ ጥልቀት በተቆጣጣሪው ተፈርሟል፤ ሜትሩ ተዘርግቶ የተነሳ ፎቶም አለ። ሁለቱ ግን ዓርብ ማታ ዝናብ ሲያስፈራ ሳይፈረምላቸው ኮንክሪት ተሞላባቸው። ፎርማናችን 2.20 ነው ይላል፤ እናምነዋለን። ደንበኛው ግን የማመን ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ 2 በ4.41 በ0.70፣ ማለትም 6.17 ሜትር ኩብ ከዋናው ጥያቄ አውጥተን «ለ» በተባለው ገጽ ላይ ለብቻው አስቀምጠነዋል። እዚያ ገጽ ላይ ማጣራት የሚቻልበትንም መንገድ ጽፈናል፤ የእነዚያ ኮለኖች ብረት የተቆረጠበት ዝርዝር ከሌሎቹ 7ቱ ጋር እኩል ርዝመት ያሳያል። ይህ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ተቆጣጣሪው ይወስን፤ ካልተቀበለው ኪሳራው የእኛ ነው።

ሌላም ስህተት ነበረብን። በብሎኬት ግድግዳው ቴክ ኦፍ ላይ 0.90 በ2.10 የሆነው በር ሲቀነስ የብዜት ዓምዱ ላይ 3 መባል ሲገባው 1 ተብሎ ተጽፏል። ሁለት በር፣ 3.78 ካሬ ሜትር አስበልጠን ጠይቀን ነበር። ያገኙት ደንበኛው ራሳቸው ናቸው። ተስተካክሏል። ወረቀቱን ስትመረምሩ ከሁሉ በፊት የብዜት ዓምዱን ከፕላኑ ጋር አመሳክሩ፤ ስህተት የሚደበቀው እዚያ ነው።

ሳይፈረም ኮንክሪት አንሞላም ያልነውም በእነዚያ ሁለት ጉድጓዶች ምክንያት ነው። የተሸፈነ ሥራ አይለካም። ጉድጓድን ክፍት አድርጎ ማሳደርም በተለይ በክረምት ጉዳት አለው፤ ውኃ ሲገባ ወለሉ ይላላል፣ ጠርዙ ይናዳል፣ ጭቃው እንደገና ይወጣል። ስለዚህ ልኬት ዝግጁ ሲሆን ከአንድ ቀን በፊት እንደውላለን። መምጣት ካልቻላችሁ ወኪል ላኩ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በቴሌግራም የምንልከውን አይታችሁ «ተስማምቻለሁ» ብላችሁ ብትጽፉልን ይበቃናል። የምንልከው የጉድጓዱ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትና የተዘረጋው ሜትር አብረው የሚታዩበት ፎቶ ነው።

አንድ ልመና አለን። እንደዚህ ቤት 27.78 ሜትር ኩብ ባለ አንድ መጠን አልተስማማንም ተብሎ የፉቲንጉ፣ የግሬድ ቢሙና የግድግዳው ክፍያ አብሮ ታግዶ የቆየባቸው ሳይቶች አሉ። የእኛ አቅም ትንሽ ነው፤ የሚቀጥለውን ብረት የምንገዛው ከእናንተ በምናገኘው ነው። ብዙዎቻችሁ ከአጥርና ከሰርቪስ ቤት ጀምራችሁ ያመናችሁን ናችሁ፤ እኛም በመሠረት ላይ ቀልደን አናውቅም። የተስማማንበትን ገጽ «ሀ» በውሉ ቀን ክፈሉን፤ ገጽ «ለ» እስኪጣራ ይቆይ። በክፍያ ማጠቃለያው ላይ ድምሩ ትልቅ ሆኖ የሚታየው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለው ሥራ ሁሉ ስለሚደመር ነው። ከዚያ ላይ 5 በመቶው መያዣና ከዚህ በፊት የከፈላችሁት ተቀንሷል፤ የምትከፍሉት ከታች ያለውን ቀሪና 15 በመቶ ቫቱን ነው።

ወረቀቱን ይዞ ሳይት ላይ መለካት ለሚፈልግ ፎርማናችን ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሜትር ይዞ ይጠብቃል። የራሳችሁን ሜትር ብታመጡም ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ባለቤት

አባሪ፦ የክፍያ ማጠቃለያ፣ የተስማማንበት ቴክ ኦፍ (ሀ)፣ ያልተስማማንበት ቴክ ኦፍ (ለ)፣ የ7ቱ ጉድጓዶች ፎቶ፣ የብረት መቁረጫ ዝርዝር