የኤሌክትሪክ ክበባችን ዓመት፦ ሳቢያን ላይ የተተከለው የኧርዝ ዘንግ

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በአንዲት የክበባችን አባል ግቢ፣ የተዋስነው የኧርዝ መለኪያ 3 ኦም አሳየን። ኦሙ ባነሰ ቁጥር ኧርዙ ይሻላልና ልጆቹ አጨበጨቡ። ከእኛ ጋር የመጣው ኤሌክትሪሺያን የአንድ ተማሪያችን አባት ነው፤ እሱ አላጨበጨበም። ሄዶ የኧርዙ ሽቦ የታሰረበትን ብረት በእጁ ወዘወዘው። ግማሽ ሜትር የማትሞላ የዛገች ፌሮ ናት፤ ቀጭን ሽቦ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞባታል። «ድሬ አሸዋ ላይ፣ በዚህች ፌሮ 3 ኦም አይገኝም» አለ።

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ በሙሉ ከዚህ አንድ ቁጥር ስለተነሳ፣ ዘገባዬንም ከእሱ ጀመርኩ። ሌሎቹን ሥራዎቻችንን በአጭሩ ላንሳቸው፦ የሁለት ክፍል ሶኬቶችን ጠግነናል፣ ለአዳዲስ አባላት የብሬከር ሥልጠና ሰጥተናል።

ወደዚያ ቤት የወሰደን ምጣድ ነው። የልጅቷ እናት እንጀራ ሲጋግሩ የምጣዱ ቆርቆሮ ይነዝራቸዋል። «ባዶ እግሬን ከሆንኩማ አልጠጋውም፤ እንጨት ላይ ቆሜ ነው የምጋግረው» አሉን። ብሬከሩ ግን አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። ልጅቷ ክበብ ውስጥ የጠየቀችኝ ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር፦ «ቲቸር፣ ቤታችን ኧርዝ አለው፤ ታዲያ ለምን ይነዝራል?»

መልሱ የተገኘው የኧርዙን ሽቦ ከዋናው ሣጥን ስንፈታ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ የቤቱን ኃይል ከዋናው ማብሪያ አጠፋ። ይህ የግድ ነው፤ ሽቦው ተፈቶ እስኪታሰር ድረስ ቤቱ ያለ ኧርዝ ስለሚቆይ፣ በዚያ መሐል ማንም ሰው ምንም ዕቃ መሰካት የለበትም። ሽቦው ተፈትቶ ፌሮዋ ብቻዋን ስትለካ 900 ኦም ወጣች። ሣጥኑን ስንከፍተው ደግሞ ከዓመታት በፊት የሠራ ሰው የኧርዙን መስመር በአጭር ሽቦ ኤሌክትሪኩን ከሚመልሰው ሽቦ፣ ከኒውትራሉ ጋር አገናኝቶት አገኘን። መለኪያው 3 ኦም ያለው ለፌሮዋ ሳይሆን፣ በኒውትራሉ በኩል ለተያያዘው የሰፈሩ መስመርና የትራንስፎርመር ኧርዝ ነበር።

እዚህ ቤት ከምሰሶው የሚገቡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያቺ አጭር ሽቦ አደገኛ ናት። ኒውትራሉ ምሰሶው ላይ አንድ ቀን በንፋስ ቢበጠስ፣ በበራ አምፖል ውስጥ አልፎ የሚመጣው ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣና በዚያች ሽቦ በኩል ወደ ኧርዙ መስመር ይገባል። ያን ጊዜ የፍሪጁም የምጣዱም የውጭ አካል ኮረንቲ ይይዛል። ሽቦዋን ያኔውኑ አነሳናት።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ልጆቹን ለሁለት ሳምንት ያከራከረ ነው፦ ስንት ኦም ይበቃል? አንዳንዶቹ 10፣ አንዳንዶቹ 5 ሲባል ሰምተዋል። እኔ ያስተማርኳቸው ቁጥሩን ለብቻው እንዳያዩት ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ፌዙ የዕቃውን ብረት ቢነካ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ምንድን ነው የሚለው ነው። የምጣዱ መስመር ላይ ያለው ብሬከር ባለ 16 አምፔር ነው። እንዲህ ያለው የተለመደ ብሬከር ወዲያው ለመቁረጥ 80 አምፔር ገደማ፣ እንደ ዓይነቱም እስከ 160 አምፔር ይፈልጋል። 220 ቮልትን ለ80 ብናካፍል 2.75 ኦም ይመጣል። መንገዱ በሙሉ ከዚያ በታች መሆን አለበት ማለት ነው። ድሬዳዋ አሸዋ ውስጥ በተመታ አንድ ዘንግ ይህ አይታሰብም።

ስለዚህ በኋላ በአዲስ ዘንግ ያገኘነውን፣ ጥሩ የምንለውን 118 ኦም እንኳ ብንይዝ፣ በብልሽት ጊዜ የሚፈሰው 2 አምፔር እንኳ አይሞላም። ብሬከሩ 2 አምፔርን እንደ አንድ ካውያ እንኳ አይቆጥረውም፤ ቀኑን ሙሉ ሳይወርድ ይውላል። ትራንስፎርመሩ ጋ ያለው ኧርዝ 5 ኦም ነው ብለን ልጆቹ ሰሌዳ ላይ ሲያሰሉት፣ የምጣዱ ቆርቆሮ ላይ 211 ቮልት ቆሞ ይቀራል። ኧርዝ አለው፣ ግን ይነዝራል፤ የልጅቷ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመለሰ።

ይህን የሚፈታው አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ ነው። በፌዝ የወጣውና በኒውትራል የተመለሰው ሲለያይ፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ ወይም ሲሞላ ይቆርጣል። ለእሱ የሚፈለገው ኧርዝ ስሌቱ አጭር ነው፤ ብረቱ ላይ ከ50 ቮልት በላይ እንዳይቆም፣ 50ን ለ0.03 ስናካፍል 1,666 ኦም። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ወዲያው እጁን አነሳ፦ «እንግዲያው የድሮዋ 900 ኦም ፌሮም ትበቃለች!» በስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን ያቺ ፌሮ የተቀመጠችው በላይኛው ደረቅ አፈር ውስጥ ነው፤ ግንቦት ላይ 900ው ስንት እንደሚሆን ማንም አይተማመንበትም። በሙያው የተለመደው ወሰን 200 ኦም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ኧርዙ በየወቅቱ የሚዋዥቅ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። እኛም 200ን ወሰናችን አደረግን፣ ያውም በደረቁ ወር።

በፌሮዋ ፈንታ አዲሱን ዘንግ የተከልነው በጓሮ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ የልብስ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት በኩል ነው። የውኃ ቧንቧ በየት እንደሚያልፍ እናትየዋ አሳዩን፤ ከዚያ ራቅን። 40 ሳንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍረን፣ መዳብ የተለበጠውን 16 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.5 ሜትር ርዝመት ያለውን ዘንግ ከውስጡ ቀጥ አድርገን መታን። የመጀመሪያው ሙከራ አንድ ሜትር ላይ ድንጋይ አገኘና መዶሻው መዝለል ጀመረ፤ ገፍተን ብንመታ ዘንጉ ይጎብጥና በዙሪያው ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ከአፈሩ ጋር ያለውን ንክኪ ይቀንሰዋል። ነቅለን ሁለት ሜትር ፈቀቅ አልን። የዘንጉ ራስ እንዳይሰነጠቅ የመምቻ ቡሎን አሰርንበት፤ ይህ ካልተደረገ የቀጣዩ ዘንግ ማያያዣ ጥርሱን አይይዝም።

1.5 ሜትሩ ሲያልቅ 250 ኦም ለካን። ሁለተኛውን 1.5 ሜትር ዘንግ ከላዩ ቀጥለን ስንመታ 118 ኦም ሆነ። አፈሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በስሌቱ 140 ገደማ ነበር የምንጠብቀው። ከዚያ በታች መውረዱ ታችኛው አፈር እርጥበት እንዳለው ነገረን። ሽቦውን በመዳብ ማሰሪያ አጥብቀን፣ ጉድጓዱን እንዳይደፈን በሲሚንቶ ክዳን ሸፈንነው፤ ማሰሪያው መታየትና መፈተሽ አለበት።

118 ግን በአንድ ጊዜ የተገኘ ቁጥር አይደለም። መለኪያው ሁለት አጋዥ ካስማዎችን ይፈልጋል። የሩቁ ካስማ ኤሌክትሪክ የሚላክበት ነው፣ የመሐሉ ቮልቱ የሚለካበት ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ የሩቁን 8 ሜትር ላይ አደረግነው። የመሐሉን 3 ሜትር ላይ ስንተክል 101፣ 5 ሜትር ላይ 119፣ 7 ሜትር ላይ 151 ወጣ። ካስማውን ባንቀሳቀስን ቁጥር መልሱ ይቀየራል። ይህ የሚሆነው የዘንጉና የሩቁ ካስማ ተጽዕኖ መሬት ውስጥ ስለሚደራረብ ነው። ጎረቤት አስፈቅደን ገመዱን ወደ ባዶው ቦታ ዘረጋንና የሩቁን 30 ሜትር ላይ ተከልን። አሁን 15.5 ሜትር ላይ 116፣ 18.5 ላይ 118፣ 21.5 ላይ 120 ሆነ። ሦስቱ ተቀራረቡ፤ ቁጥሩ የዘንጉ ነው ማለት ይቻላል። የመሐሉን ካስማ ከርቀቱ 62 በመቶ አካባቢ መትከል የተለመደ ነው፣ 18.5 ከዚያ የመጣ ነው። ጠባቡ ግቢ ውስጥ 5 ሜትር ላይ ያገኘነው 119ም ለካ ቅርብ ነበር፤ ግን ቅርብ መሆኑን በዚያ ሰዓት የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። በጣም የምወደው ትምህርት ይህ ነው፤ አንድ ልኬት ብቻ ወስዶ የሄደ ሰው ትክክልም ቢሆን አያውቀውም።

ስንለካ ካስማዎቹ ሥር ውኃ ማፍሰስ ይፈቀዳል፤ ደረቅ አሸዋ ላይ መለኪያው ኤሌክትሪክ መላክ ሲያቅተው ይረዳል። ዘንጉ ላይ ማፍሰስ ግን ራስን ማታለል ነው። ልጆቹ አላመኑኝም፤ ሁለት ጄሪካን ውኃ ዘንጉ ላይ አፈሰሱ፣ 118 ወደ 101 ወረደ። ከሦስት ቀን በኋላ ስንመለስ 115 ነበር። ጎረቤቶች የመከሩን ጨውና ከሰልም የውኃው ዘመድ ነው፤ ጨዉ በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፣ እስከዚያው ማሰሪያውን ይበላዋል።

አርሲዲውን ኤሌክትሪሺያኑ ገጠመው። እናትየዋ ምጣዱን በሰኩ በሦስተኛው ደቂቃ ቤቱ ጨለመ። «ይኸው አበላሻችሁት!» አሉ፣ እኔም ደነገጥኩ። ምጣዱ ተገልብጦ ሲታይ ሸክላው ተሰንጥቋል፤ ባለፉት ወራት የፈሰሰው ሊጥ በስንጥቁ ገብቶ ሬዚስታንሱን ከቆርቆሮው ጋር አገናኝቶታል። ሲነዝራቸው የኖረው ይህ ነበር። ምጣዱ ተቀየረ፤ አሁን ቤት ውስጥ ባዶ እግራቸውን ይጋግራሉ።

የአርሲዲውን የሙከራ ቁልፍ በየወሩ እንዲጫኑ ነግረናቸዋል። ግን ቁልፉ የሚፈትሸው አርሲዲውን ብቻ ነው። ዘንጉ ቢበጠስ፣ ማሰሪያው ቢላላ፣ ቁልፉ ሲጫን ያው ይቆርጣል። ዘንጉን መለካት ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ በግንቦት መጨረሻ፣ ሙቀቱ ሲብስና አፈሩ ሲደርቅ፣ ተመልሰን ለካን። ዘንጉን ፈትተን፣ ካስማዎቹን እንደ ኅዳሩ 30 እና 18.5 ሜትር ላይ አድርገን፦ 164 ኦም። ከ200 በታች ነው። በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ልጅቷ በማርከር ጻፈችው፦ ኅዳር 118፣ ግንቦት 164፣ ቀጣዩ ልኬት የመጪው ዓመት ግንቦት።