«2 አዋቂና 2 ልጆች» ስንት ሰው ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በዓል ሲቃረብ ጋዜጣችሁ ላይ የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ማስታወቂያ ይበዛል። እኔ ደግሞ አንዱንም ሳላነብ አላልፍም። ብዙ ዓመት ሪሴፕሽን ላይ ቆሜያለሁ፤ ኋላም ፓኬጅ ስሸጥ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ፎቶውን ዘልዬ በቀጥታ ጽሑፉ ላይ ነው የማርፈው። አብዛኛው እንዲህ ይላል፦ «የቤተሰብ ፓኬጅ! 3 ቀን 2 ሌሊት፣ ለ2 አዋቂና ለ2 ልጆች፣ ቁርስና እራትን ጨምሮ። ለነባር ደንበኞቻችን ልዩ ቅናሽ!»

ሲያዩት ምንም የጎደለው አይመስልም። እስቲ አንድ ቤተሰብ ይዘን እንግባበት። አባት፣ እናት፣ የ12 ዓመት ልጅና የ4 ዓመት ልጅ። 2 አዋቂና 2 ልጆች፣ ልክ እንደተጻፈው።

ሪሴፕሽን ጋ ሲደርሱ ግን 3 አዋቂና 1 ልጅ ይሆናሉ። ብዙ ሆቴሎች «ልጅ» የሚሉት 12 ዓመት ያልሞላውን ነውና። አንዳንዶቹ ይህንንም «እስከ 12 ዓመት» ብለው ይጽፉታል። 12 ይጨመራል ወይስ አይጨመርም? ወላጅ ይጨመራል ብሎ ያነበዋል፣ የሂሳብ ክፍሉ አይጨመርም ይላል፣ መሃል ላይ የቆመችው ሪሴፕሽኒስት ትሰደባለች። «12 ዓመት ያልሞላው» ቢባል ጭቅጭቁ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። ሌላም አለ። ዕድሜው የሚቆጠረው ቦታ በተያዘበት ቀን ነው ወይስ በመግቢያው ቀን? ከሁለት ወር በፊት ቀድሞ ለያዘ ቤተሰብ ልደቱ መሃል ላይ ሊውል ይችላል።

ቀጥሎ የመኝታ ነገር ይመጣል። «ልጆች በነጻ» ሲባል ሆቴሉ ማለት የፈለገው አብዛኛውን ጊዜ «ከወላጆቻቸው ጋር ባለው አልጋ ላይ ከተኙ» ነው። ተጨማሪ አልጋ ከተፈለገ ይከፈልበታል። መደበኛ ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ተጣጣፊ አልጋ አይችልም፤ ሁለተኛው ከገባ በሩ በደንብ አይከፈትም። የሕፃን አልጋም ቢሆን ሆቴሉ ያለው ጥቂት ነው። ቦታ ሲያዝ ያልጠየቀ ወላጅ በበዓል ሌሊት አያገኘውም።

ስለ መኝታ ካነሳሁ የራሴንም ጥፋት ልናገር። በሠራሁበት አንድ ሆቴል የፓኬጁን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። «ለትልልቅ ቤተሰቦች የተያያዙ ክፍሎች» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሎቹ ጎን ለጎን ነበሩ እንጂ በመሃላቸው የሚያገናኝ በር አልነበራቸውም። አንድ ቤተሰብ ሦስት ትንንሽ ልጆች ይዞ ማታ ደረሰ። እናትየው በሩን ፈልጋ ፈልጋ አጣችውና ወደ እኔ መጣች። «ልጆቼን ኮሪደር ተሻግሬ ነው የማድራቸው?» አለችኝ። ምን ልመልስ? ፍራሽ አስወጣን፣ አንዱ ክፍል ውስጥ አምስቱም ተጨናንቀው አደሩ፣ ሁለተኛው ክፍል ባዶውን ተከፈለበት። ከዚያ ወዲህ «በውስጥ በር የሚገናኙ» ወይም «ጎን ለጎን ያሉ፣ የውስጥ በር የሌላቸው» ብዬ ነው የምጽፈው። ቃሉ ይረዝማል፤ ይርዘም።

«3 ቀን 2 ሌሊት» የሚለው ደግሞ ውሸት አይደለም፣ ግን ያታልላል። መግቢያው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መውጫው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከሆነ ቤተሰቡ ክፍሉን የሚይዘው ለ45 ሰዓት ነው። ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ምግቡም ይህንኑ ይከተላል። ቁርስና እራት ማለት ሁለት እራትና ሁለት ቁርስ ነው፤ የመሃለኛው ቀን ምሳ በራስ ኪስ ነው። ልጅ ያለው ሰው ጠዋት ተነስቶ ረፋዱ ላይ ይደርሳል። ማወቅ የሚፈልገው ሻንጣውን የት እንደሚያስቀምጥና ክፍሉ እስኪዘጋጅ ልጆቹ መዋኛው ጋ መግባት ይችሉ እንደሆነ ነው። ይህንን የሚነግር ማስታወቂያ እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ወደ «ልዩ ቅናሹ» ልምጣ፣ ምክንያቱም የሚያስቀይመው የሚወዱንን ሰዎች ነው። የክፍሉ መደበኛ ዋጋ 100 ነው እንበል፤ የበዓሉ ፓኬጅ 80። ነባር ደንበኛ 15 በመቶ ይቀነስለታል። ከየትኛው ላይ? ከፓኬጁ ላይ ከሆነ 68 ይከፍላል። ከመደበኛው ዋጋ ላይ ከሆነ ግን 85 ይሆናል። ሆቴሉን ጨርሶ የማያውቀው አዲስ እንግዳ በ80 ገብቶ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰው ሰው በ85 ሊገባ ነው ማለት ነው። ሪሴፕሽን ላይ «እንግዲያው ፓኬጁን ይውሰዱ፣ ቅናሾቹ አይደራረቡም» ይባላል። ታዲያ ልዩው ምኑ ላይ ነው? ቅናሹ ከምን ላይ እንደሚቀነስ በአንድ መስመር ካልተጻፈ ባይጠቀስ ይሻላል።

የተመለሰ እንግዳ ማንበቡም ለየት ይላል። አልጋው ምቹ መሆኑን ያውቃል፣ ተኝቶበታል። የሚፈልገው ከአምና ወዲህ የተለወጠውን ነው። መዋኛው እድሳት ላይ ነው? የልጆች መጫወቻው ተነስቷል? አምና በመልካም ፈቃድ እስከ 8 ሰዓት እንዲቆይ የተፈቀደለት ሰው፣ ዘንድሮም እንዲሁ ነው ብሎ ነው ልጆቹን የሚያዘጋጀው። የሚከፋውም ነገሩ በመቅረቱ ሳይሆን ሻንጣ ከወረደ በኋላ በመስማቱ ነው።

ባልደረቦቼ ቢሞክሩት የምወደው አንድ ነገር አለ። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ፓኬጁን ለማታውቅ ሪሴፕሽኒስት ይሰጣት። ያንን የአራት ሰው ቤተሰብ፣ ባለ 12 ዓመቱን ልጅ ጭምር፣ ከጽሑፉ ብቻ ተነስታ ታስላው። መሃል ላይ ቀና ብላ በጠየቀች ቁጥር እዚያ ቦታ አንድ መስመር ጎድሏል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው ስድስት ጊዜ ተጠይቄያለሁ።

ያንኑ ማስታወቂያ እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ለ2 አዋቂና 12 ዓመት ላልሞላቸው 2 ልጆች። አንድ ክፍል፣ አንድ ትልቅና ሁለት ነጠላ አልጋ። ዕድሜ የሚቆጠረው በመግቢያው ቀን ነው፤ 12 የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። ሁለት እራትና ሁለት ቁርስ ለአራቱም ዋጋው ውስጥ አለ፤ ምሳ የለም። ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ተካቷል። መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መውጫ ከጠዋቱ 5 ሰዓት። ቀድመው ከደረሱ ሻንጣዎን እንይዛለን፤ መዋኛው ክፍት ነው። ከዚህ በፊት አርፈውብን ከነበረ ከዚሁ ከፓኬጁ ዋጋ ላይ 10 በመቶ እንቀንሳለን። የልጆች መጫወቻው በዚህ በዓል በእድሳት ምክንያት ዝግ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አለቆች ሁልጊዜ ይሰርዟታል። «እንግዳ ታባርራለች» ይላሉ። መጫወቻውን ብሎ የሚመጣው ቤተሰብ ግን መጥቶም አያገኘውም፤ ልጆቹ እያለቀሱ የሚጮኸው የእኛው ባንኮኒ ላይ ነው። እናንተም የማስታወቂያ ክፍላችሁ ጽሑፉን ሲቀበል «የልጅ ዕድሜ ስንት ነው? ቅናሹስ ከምን ላይ ነው?» ብሎ ሁለቱን ብቻ ቢጠይቅልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቀድሞ ሪሴፕሽኒስት