ሄሉዬ፣ ለልጄ ጥግ ቀለም ምረጪልኝ

ሄሉዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ስንገናኝ እንደፈለግሽ ተቆጪኝ። አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ። አርግዣለሁ! ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። በስልክ ልነግርሽ ብዬ... እንዴት እንደምጀምረው ጠፋኝ።

ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ የልጅ ክፍል የለም፤ እኛው መኝታ ቤት አንድ ጥግ እያዘጋጀን ነው። ሐኪሞችም ቢያንስ እስከ 6 ወር ከወላጅ ጋር አንድ ክፍል፣ ግን በራሷ አልጋ ትተኛ ስለሚሉ ቅር አላለኝም።

የጨነቀኝ አልጋው ነው። አናጢው አሳምሮ ሠርቶታል፣ ግን የጎኑን ዘንጎች ክፍተት በሜትር ስለካው 8 ሴንቲ ሆነ። ከ6 ሴንቲ መብለጥ የለበትም። ሰፋ ካለ የሕፃን ሰውነት በእግር በኩል ያልፍና ጭንቅላቷ ይያዛል። ሄሉ፣ ያንን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። መልሰን ወሰድንለትና በየክፍተቱ መሃል አንዳንድ ዘንግ ጨመረበት። ፍራሹም ጠንከር ያለ ነው፤ ከአልጋው ጠርዝ ጋር ገጥሟል፣ ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም። አማቴ ያሰፋችውን የሚያምር ትራስና የጎን መከለያ ግን አልጋው ላይ አላደርገውም። ፊቷ ላይ ቢደፋ ትታፈናለች። እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እኔንጃ።

መጀመሪያ መስኮቱ ሥር ልናደርጋት ነበር። ብርዱና የመጋረጃው ገመድ አሳሰበኝ፤ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወርናት። ቁምሳጥኑንም ከአልጋዋ አርቀነዋል። ያኔ መሬት ሲንቀጠቀጥ እንዴት እንደተወዛወዘ አልረሳሁም። ከግድግዳው ጋር ልናስረው ስንል ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነውና ፊሸሩ እየዞረ ወጣ። በኋላ ወደ ኮለኑ አስጠግተን እዚያ ላይ አሰርነው። አሁን ብትስቢው ንቅንቅ አይልም።

መብራቱ ቀላል ነበር። ያንን ዓይን የሚወጋ ነጭ አምፖል አውጥተን፣ ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ቢጫማውን አደረግን። ለሌሊት ደግሞ ትንሽ መብራት ከእኛ አልጋ ጀርባ ዝቅ አድርገናል። ሳጠባት ፊቷ ይታየኛል፣ አምፖሉ ግን ዓይኗ ውስጥ አይገባም።

የቀረው ቀለሙ ነው፤ እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ። ሳሎንሽን ስንቴ እንደቀባሽ መቼም አልረሳም! ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይስ ክሬም? አዲስ የተወለደች ልጅ ከ30 ሴንቲ ወዲያ ያለውን አጥርታ አታይም፤ ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ግድግዳውን የምናየው እኛ ነን። እኔን የሚያረጋጋኝ አረንጓዴው ነው፣ ባለቤቴ ግን ክፍሉን ያጨልመዋል ይላል። የማያብለጨልጭ፣ በውሃ የሚበጠበጥ፣ ሊድ የሌለው ቀለም እንገዛለን። መስኮት ከፍተን ሽታው ከመምጣቷ በፊት እንዲወጣ፣ በዚህ ሳምንት መቀባት አለበት።

እስከ ቅዳሜ መልሺልኝ። ብትመጪ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ የቀለሞቹን ናሙና ግድግዳው ላይ ቀብተን እንጠብቅሻለን።

ያንቺው
ማክዳ